ለነቀፋ በቪዲዮ መልስ ስለ መስጠት
በደብረ ታቦር የማር ንግድ የተወሰደ አስረጅ

በጣራ ገዳም አጠገብ ካለችው ከአዲስ ዘመን አንሥቶ እስከ ደብረ ታቦር ባለው ደጋ፣ ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባና ኑግ ያብባሉ፤ ስለዚህም የአካባቢው ነጋዴ በጥቅምትና በኅዳር አዲስ ማር ይሰበስባል። በዛሬው ዘመን ነጋዴው ዕቃውን በሱቁ ደጃፍ ብቻ ሳይሆን በቪዲዮ እያሳየ፣ አዲስ አበባ ላለው ደንበኛ ጭምር ይሸጣል። ይሁን እንጂ ጥር ሳይደርስ ማሩ በጠርሙሱ ውስጥ ይረጋል፤ ያን ጊዜም አንዱ ገዢ፣ «ይህ ስኳር እንጂ ማር አይደለም፤ ሌባ!» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ይጽፍበታል። የማር በስኳር መቀላቀል በአገራችን የታወቀ ማታለል ስለ ሆነ፣ ቃሉን ያነበበ ሌላ ገዢ ለመጠራጠር ምክንያት አለው። ነጋዴው ዝም ቢል ጥርጣሬው ይሰፋበታል፤ ተቆጥቶ ቢመልስ ግን ራሱን ያጋልጣል። እንግዲህ ምን ይበል?

ከሁሉ አስቀድሞ ስድቡንና ክሱን መለየት ይገባዋል። «ሌባ» የሚለው ስድብ ነው፤ «ስኳር ተቀላቅሎበታል» የሚለው ደግሞ ሊመረመር የሚችል ክስ ነው። በወረቀት ላይ ክሱን ብቻ ይጻፍ፤ ስድቡን ይተወው። በቪዲዮው ውስጥ ስድቡን በራሱ አንደበት ከደገመው፣ ያልሰማው ሰው ሁሉ ከእርሱ ይሰማዋልና። የተሳዳቢውንም ስም ሆነ ፎቶግራፍ አያሳይ፤ ተመልካች ለተዋረደ ሰው ማዘኑ አይቀርም። ስድብ ብቻ የጻፈ፣ አንዳችም ክስ የሌለው ሰው ከሆነ ግን ቪዲዮ አያስፈልገውም፤ መልስ መስጠት አድማጭ መሰብሰብ ይሆንለታል።

ሁለተኛው ሥራ ጽሑፉን ከመጀመር በፊት ዕቃውን መመርመር ነው። ነጋዴው ከዚያው ዙር የቀረ ጠርሙስ ይክፈት፤ ማሩን ከየትኛው ንብ አርቢ እንደ ገዛውም መዝገቡን ይይ። ጥፋቱ የራሱ ሆኖ ከተገኘ፣ መልሱ የማስረዳት ሳይሆን የይቅርታና ገንዘብ የመመለስ ነው። ይህን ሳያጣራ የተናገረ ሰው፣ ነገሩ ኋላ ቢገለጥ ማምለጫ የለውም፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ በቪዲዮ የወጣ ቃል ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ሦስተኛው የነገሩን ምክንያት በትክክል ማወቅ ነው። ማር በአብዛኛው ፍሩክቶዝና ግሉኮዝ ከሚባሉ ሁለት የስኳር ዓይነቶችና ከውኃ የተሠራ ነው። ግሉኮዙ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ መቆየት ስለሚከብደው፣ ቀስ በቀስ ቅንጣት እየሆነ ይረጋል። ይህም ወደ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ይፈጥናል፤ የደብረ ታቦር ሱቅ ማር በቆላ ካለው ቀድሞ መርጋቱ ስለዚህ ነው። ማሩን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቢያኖሩት ይቀልጣል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ቢያሞቁት ግን መዓዛው ይጎዳል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ወሰን አለ፤ ብዙ ነጋዴዎችም የሚሰናከሉት በዚህ ነው። ማር መርጋቱ ስኳር የተቀላቀለበት ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ ነገር ግን ንጹሕ ለመሆኑም ማስረጃ አይሆንም፤ ስኳር የተጨመረበትም ሊረጋ ይችላልና። ክብሪት በማር ነክሮ መለኮስ፣ በውኃ ውስጥ ጠብ ማድረግም እንዲሁ አያጣሩም። ንጽሕናውን የሚያረጋግጠው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፤ ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ መሠረት፣ በአብዛኛው የማር ዓይነት ውስጥ ሱክሮዝ ከ100 ግራም ከ5 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ውኃውም ከመቶ 20 እጅ አይበልጥም። ስለዚህ ነጋዴው በቪዲዮ ሊያስረዳ የሚችለው ማሩ ለምን እንደ ረጋ ብቻ ነው። ከዚህ አልፎ «አያችሁ? ንጹሕ ነው!» ቢል፣ አንድ የሚያውቅ ተመልካች ያፈርሰዋል፤ ያን ጊዜም እውነተኛው ማስረዳት አብሮ ይወድቃል።

እነሆ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል የሚወስድ የንግግር ጽሑፍ ለአስረጅ እናቀርባለን። ነጋዴው ከሱቁ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ፣ የረጋውን ጠርሙስ በፊቱ አኑሮ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። አንድ ደንበኛችን የገዙት ማር እንደ ስኳር ረግቶ ስላገኙት፣ የተቀላቀለ መስሏቸዋል። ገንዘብ ከፍሎ እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ከዚያው ዙር የቀረው ጠርሙስ ይኸውላችሁ፤ እኔም ዘንድ ረግቷል። የደጋ ማር በብርድ ጊዜ ይረጋል፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው ግሉኮዝ ቅንጣት ስለሚሆን ነው። አሁን እጅ በማያቃጥል ውኃ ውስጥ አኖረዋለሁ። (ጠርሙሱን ያኖራል፤ ከዚያም ከአንድ ሰዓት በኋላ የተነሣውን ሥዕል ያሳያል።) ይኸው፣ ፈሰሰ። በእሳት ላይ እንዳታኖሩት፤ መዓዛው ይጠፋል። ይህ ማሩ ለምን እንደ ረጋ ያሳያል እንጂ፣ ንጽሕናውን የሚመሰክረው ላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ናሙና ለምርመራ እልካለሁ፤ ውጤቱንም፣ ቢያምርም ባያምርም፣ እዚሁ አሳያችኋለሁ። እስከዚያው የከፈሉትን መልሰው መውሰድ የሚፈልጉ ደንበኛ ጠርሙሱን ያምጡ፤ ገንዘባቸው ይመለስላቸዋል። ስለ ጠየቃችሁን እናመሰግናለን።»

አንባቢ የቃሉን ቅደም ተከተል ያስተውል። መጀመሪያ የከሳሹን ቅሬታ ከሳሹ ራሱ ሊናገረው በሚችለው መንገድ ገለጸ፤ ቀጥሎ ዕቃውን አሳየ፤ ከዚያም የማስረጃውን ወሰን ተናገረ፤ በመጨረሻም መፍትሔ ሰጠ። «እርስዎ አልገባዎትም» የሚል ቃል የለበትም፤ የድል ቃልም የለበትም። ላቦራቶሪ የመላክ ሐሳብ የሌለው ነጋዴ ግን ያን ዓረፍተ ነገር ይሰርዝ፤ ያልተፈጸመ ተስፋ ከስድቡ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ አንድ ሌሊት ይደር። በማግሥቱ ጮክ ብሎ ሲነበብ፣ ምሬት ወይም ሽሙጥ ያለበት ቃል ራሱን ያስታውቃል። ጸሐፊው ለራሱ የማይታወቀው ከሆነ፣ ነገሩን የማያውቅ ጎረቤት ያንብብለትና፣ «የተቆጣሁ እመስላለሁን?» ብሎ ይጠይቀው። ሲቀረጽም ፈጥኖ የሚናገር ሰው የተቆጣ ስለሚመስል፣ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ትንፋሽ ይውሰድ።

ክሱ እውነት ሆኖ ከተገኘ ጽሑፉ ይጠር። በየትኛው ቀን የተሸጠ ማር እንደ ሆነ፣ ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ፣ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ፣ ወደፊትም ምን እንደሚለወጥ ይናገር። «ይቅርታ፣ ነገር ግን» የሚል ቃል አይግባበት፤ ከ«ነገር ግን» በኋላ የሚመጣው ይቅርታውን ይሰርዘዋልና። ጥፋቱ የንብ አርቢው ቢሆን እንኳ፣ ገዢው የሚያውቀው የሸጠለትን ነጋዴ ስለ ሆነ፣ ሻጩ ኃላፊነቱን በራሱ ይውሰድ።

መልሱ መሥራቱ የሚታወቀው ከሳሹ ዝም በማለቱ አይደለም። ተመልካቾች ስለ ጠቡ መጻፍ ትተው ስለ ማሩ፣ ይኸውም ስለ ማሞቂያው ዘዴና ስለ ዋጋው መጠየቅ ሲጀምሩ ነው። ጭቅጭቁ ግን ቢቀጥል ሁለተኛ ቪዲዮ አይሥራ፤ አዲስ ነገር ሳይገኝ የተደገመ መልስ ክርክር ይሆናል። የሚቀጥለው ቪዲዮ የላቦራቶሪውን ውጤት የያዘው ይሁን።