«ደረሰኝ»፦ ከውጭ አገር ለሚላክ ገንዘብ የሚስማማ መሪ ቃል

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ በሚገኙት የገበያ ቦታዎች የሚነግዱ ብዙ ባለሱቆች፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከጨውና ከስኳር ጎን አንድ አዲስ ሥራ ይዘዋል። ይኸውም በእጅ ስልክ የተላከውን ገንዘብ ለባለቤቱ በጥሬው መክፈል ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ የሳፋሪኮም ኤም ፔሳ ደግሞ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ተከተለው። በሁለቱም ከአገር ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከውጭ አገር የሚላክ ገንዘብ በስልክ ይደርሳል። ልጆቻቸው ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ቤሩት ወይም ወደ አሜሪካ የሄዱባቸው ወላጆች በዚህ ይጠቀማሉ። ወኪል የሆነው ነጋዴ ግን ከሱቁ በር በላይ ምን ዓይነት ቃል ጽፎ ቢሰቅል እነዚህን ወላጆች በእውነት እንደሚጠራና እንደሚያገለግል ገና አልተቆረጠም። የሰሌዳው ቆርቆሮ ጠባብ ስለሆነ ቃሉ ማጠር አለበት፤ አጭር ቃል ደግሞ ከረጅም ይልቅ ማሳሳት ይቀናዋል።

በዚህ ሥራ እጅግ ስሙ የገነነው መሪ ቃል የኬንያው ነው። ኤም ፔሳ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በኬንያ ሲሞከር የታሰበው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉበት ነበር። ተበዳሪዎቹ ግን ለሌላም ጉዳይ ገንዘብ ይላላኩበት ጀመር። ድርጅቱ ይህን አይቶ በ2007 አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲከፍት ስለ ብድር አንዳች ሳይናገር፣ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል ትርጉም ያለውን ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ይዞ ወጣ። ቃሉ የሠመረለት ሰዎቹ አስቀድመው ያደርጉት የነበረውን ነገር በስሙ ስለጠራው ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ቃል ወደ አማርኛ መልሶ በባሕር ዳር ሱቅ ላይ መስቀል አያዋጣም። እንግሊዝኛው ለወንድም ለሴትም፣ ለታናሽም ለታላቅም አንድ ሲሆን የእኛ ቋንቋ ግን ሰውን ሳይለይ አያዝም። «ላክ» ቢባል ወደ ዐረብ አገር ከሄዱት ብዙዎቹ ሴቶች ስለሆኑ እነርሱን ይተዋል። «ላኪ» ቢባል ወንዱን ይተዋል። «ይላኩ» ቢባል አክብሮቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰሌዳው የተሰቀለው በወንዛዬ ገበያ ነው እንጂ በጅዳ አይደለም። የሚያነቡት እናት ላኪ ሳይሆኑ ተቀባይ ናቸው። ልካ የማታውቅን ሴት «ይላኩ» ማለት በር ስቶ እንደ መጥራት ይቆጠራል።

«ሐዋላ» የሚለውስ ቃል? ይህ ስም ያረጀና የከበረ ነው። ቀድሞ በፖስታ ቤት በኩል የሚላከው ገንዘብ ሐዋላ ይባል ነበር፤ ባንኮችም እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ዳሩ ግን በሕዝብ አፍ ከሕግ ውጭ በእጅ አዙር የሚተላለፈውም ገንዘብ ይኸው ስም ስላለው፣ በሰሌዳ ላይ ብቻውን ቢጻፍ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሕጋዊ ወኪል ባይመርጠው ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ በማስታወቂያ ሁሉ የሚዘወተሩ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «ያለ ክፍያ» ነው፤ ይህንን በምሳሌ መመርመር ይገባል። በዱባይ የምትሠራ አንዲት ልጅ ለእናቷ 200 ዶላር ልትልክ አሰበች እንበል። ለሒሳብ እንዲቀል የአንዱ ዶላር ዋጋ 150 ብር ይሁን። አንደኛው አስተላላፊ 6 ዶላር የአገልግሎት ዋጋ ቆርጦ ቀሪውን 194 ዶላር በ150 ይመነዝራል፤ እናትየው 29,100 ብር ይደርሳቸዋል። ሁለተኛው አስተላላፊ «ያለ ክፍያ» ብሎ አንድ ሳንቲም ሳይቆርጥ 200ውን ዶላር በሙሉ ይቀበላል፤ ነገር ግን ምንዛሪውን በ140 ያደርገዋል። እናትየው የሚደርሳቸው 28,000 ብር ነው። ክፍያ የለውም የተባለው 1,100 ብር አስቀረባቸው ማለት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ዋጋው ከባንክ ባንክና ከቀን ቀን ስለሚለያይ፣ ይህ ዓይነቱ ልዩነት ከዓይን ለመሰወር ይበልጥ ቀሏል። ስለዚህ ስለ ዋጋ የሚናገር መሪ ቃል ካስፈለገ «ስንት ብር ይደርሰኛል?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። ልጅቱ ከመላኳ በፊት እናትየው በስልክ ይህንኑ ብቻ ቢጠይቋት፣ ልጅቱም ለሁለቱ አስተላላፊዎች ይህንኑ ብታቀርብ፣ ቆረጣውና ምንዛሪው ሁሉ በአንድ ቁጥር ተጠቃሎ ይወጣል።

ሁለተኛው «በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ቦታ» የሚለው ነው። በአማራ ክልል ይህን ቃል ያለ ሐፍረት መጻፍ አስቸጋሪ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱን የማያስታውስ ነጋዴ የለም። እርግጥ በቴሌብር *127# ተደውሎ የሚከፈተው ዝርዝር ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ስልክም ይሠራል፤ ሆኖም የስልኩ መስመር ራሱ ሲጠፋ እርሱም አብሮ ይጠፋል። መስመሩ ደኅና ቢሆን እንኳ የጥሬው ገንዘብ ጉዳይ አለ። ከላይ የተጠቀሰው 29,100 ብር በእናትየው ስልክ ላይ በአንድ አፍታ ይገባል። ገበያ በማይቆምበት ቀን ግን የገጠር ባለሱቅ በመሳቢያው ያን ያህል ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ከደንበኞቹ ሽያጭ ካልሰበሰበ ወይም ወደ ከተማ ወርዶ ከባንክ ካላወጣ የሚከፍለው የለውም። እናትየው ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው መጥተው «ነገ ይመለሱ» ሲባሉ፣ የሚያፍሩት በስልኩ ኩባንያ ሳይሆን በባለሱቁ ነው።

እንግዲህ ተቀባይን የሚያነጋግር፣ ወንድና ሴት የማይለይ፣ ሊፈጸም የማይችል ተስፋም የማይሰጥ ቃል የት ይገኛል? ቃሉ ሩቅ አይደለም። ማንኛውም ነጋዴ በየቀኑ እየቆረጠ የሚሰጠው ወረቀት ስሙ ደረሰኝ ነው። ልጅ ገንዘብ ልካ ስትደውል እናት የምትመልሰውም ቃል «ደረሰኝ» ነው። በአማርኛ የወረቀቱ ስምና የተቀባዩ ምስክርነት አንድ ሆነዋል። ቃሉ ለአባትም ለእናትም፣ ለሽማግሌም ለወጣትም ሳይለወጥ ይስማማል። ማንበብ የማይችሉት በራዲዮ ሲሰሙት ያውቁታል፤ ምክንያቱም ራሳቸው የሚናገሩት ነው። ከሁሉም በላይ ገንዘቡ ይደርሳል ብሎ አይፎክርም፤ ከደረሰ በኋላ የሚነገር ነውና። ከቀደመው ጥያቄ ጋር ሲጣመር ደግሞ «ስንት ይደርሰኛል?» እና «ደረሰኝ» መነሻና መድረሻ ይሆናሉ።

ነገር ግን ቃሉ አንድ አደጋ አለበት፤ እርሱም አጭበርባሪ የሚጠቀምበት ያው ቃል መሆኑ ነው። በየገበያው የሚታወቀው ማታለል እንዲህ ይሠራል። በተቀባዩ ስልክ ላይ «29,100 ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ይመጣል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ይደውልና ገንዘቡ በስሕተት የሄደ ስለሆነ 9,000 ብሩን ብቻ ይመልሱልኝ ብሎ ይለምናል። አለዚያም ከውጭ የመጣልዎትን ገንዘብ እንድለቅ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ ይላል። መልእክቱ በቃሉም በቁጥሩም ከእውነተኛው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ሆኖም መለያ አለው። የቴሌብር እውነተኛ መልእክት የሚመጣው 127 ከሚለው አጭር ቁጥር ሲሆን፣ የሐሰተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተራ የሰው ስልክ ቁጥር ነው። ይህም ቢሆን በቂ አይደለም። የማያዳግመው ማረጋገጫ መልእክቱን ትቶ *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳብን በገዛ እጅ ማየት ነው። ገንዘቡ በሒሳቡ ከሌለ አልደረሰም። ደግሞም ገንዘብ ለመቀበል ለሌላ ሰው የምስጢር ቁጥር መንገር ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ የሚያስፈልገው ባለቤቱ ራሱ በሒሳቡ ሲጠቀም ነው።

ችግሩ ብዙ እናቶች ስልኩን የሚያስነኩት ለጎረቤት ልጅ መሆኑ ነው። ልጁ ቁጥሩን ይጠይቃል፤ እርሳቸውም በገበያ መሐል ጮክ ብለው ይነግሩታል። በዚህ ነገር ልጁን መንቀፍ ቀላል ቢሆንም አይጠቅምም፤ እርሱ ባይኖር ገንዘቡ ባልወጣ ነበር። ስለዚህ ሰሌዳው ከሥሩ በአነስተኛ ፊደል «ስልክ ያውሳሉ፤ የምስጢር ቁጥር አያውሱም» የሚል ቢጨመርበት፣ ልጁ ዝርዝሩን ከፍቶ እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ ስልኩን መልሶ ለእናትየው እንዲያቀብል መንገድ ይከፍታል። አራት ወይም ስድስት አኀዝ መጫን ለማያነብ ሰውም የሚለመድ ነው፤ የብር ኖት የሚለዩ እናት አኀዝ አይጠፋቸውም።

የጥሬ ገንዘቡን ጉዳይ በተመለከተ አንዳንዱ ባለሱቅ በዕለቱ ምን ያህል መክፈል እንደሚችል በጠመኔ ቢጽፍ ደስ ይለው ይሆናል። ይህ ግን ለገዢ ብቻ ሳይሆን ለሌባም ማስታወቂያ ነው። በዚህ ፈንታ «ከ5,000 ብር በላይ ለሚያወጡ፦ በገበያ ቀን፣ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት» ብሎ መወሰን ይበጃል። ልኩን እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ይቀይረዋል። ሠዓሊው ቆርቆሮውን ሲቀባ ላይኛውን እኩሌታ ለ«ደረሰኝ» ብቻ ይስጥ፤ ከእርሱ በታች *127# እና ስለ ምስጢር ቁጥሩ የተባለው ይግቡ፤ ሰዓቱና የብሩ ልክ ግን በጠመኔ እንጂ በዘይት ቀለም አይጻፉ።