ልጆቹ የሚጫወቱት ዜማ ለምን ተመረጠ?

በትምህርት ቤት የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ለወላጆች የሚታደለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የዜማውን ርዕስ፣ የደራሲውን ስምና የክፍሉን ደረጃ ነው። እሱን ያነበበ ወላጅ መድረኩ ላይ የራሱን ልጅ ከመፈለግ ያለፈ የሚያደርገው ነገር የለም። መምህሩ ግን እያንዳንዱን ዜማ የመረጠው ልጁ በዚያ ወቅት መማር ያለበትን አንድ ነገር አስቦ ነው። ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበትም ይኸው ነው፦ ልጁ በዚህ ዜማ ምን ተማረ? ጆሯችንንስ የት ላይ እንጣል?

ለምሳሌ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በሪኮርደር የቤትሆቨንን «የደስታ መዝሙር» ያቀርባሉ እንበል። ዜማው በ1824 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው የዘጠነኛው ሲምፎኒ ክፍል ነው። ስለ ታሪኩ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። መምህሩን የሳበው ሌላ ነገር ነው። የዜማው መሠረት ሶል ከሆነ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ እና ሬ በተባሉት አምስት ድምፆች ሊጠናቀቅ ምንም አይቀረውም፤ አምስቱም በሪኮርደር ላይ በግራ እጅ ብቻ ይወጣሉ። አብዛኛው ጉዞም ከአንዱ ድምፅ ወደ ጎረቤቱ ነው፤ ስለዚህ ጀማሪ ጣት አይደናገርም።

ሦስተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ግን ዜማው ድንገት ወደ ታችኛው ሬ ይወርዳል። ያን ድምፅ ለማውጣት የአውራ ጣቱን ቀዳዳና ስድስት የፊት ቀዳዳዎችን አንድ ላይ መድፈን ያስፈልጋል፤ ቀኝ እጅ ወደ ሥራ የሚገባው እዚያ ብቻ ነው። አንዷ ጣት በመጠኑ ከፈት ካለች ድምፁ ይጮኻል ወይም ጭራሽ አይወጣም። ከዚያ በላይ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ቤትሆቨን የአራተኛውን ስንኝ የመጀመሪያ ድምፅ ከሚጠበቅበት አንድ ምት ቀድሞ አስገብቶታል። ብዙ የጀማሪ መጻሕፍት ይህን ያስቀሩታል፤ ያልቀረ እንደሆነ ግማሹ ክፍል ቀድሞ ሲገባ ግማሹ ሲዘገይ ይሰማል። ስለዚህ ወረቀቱ እንዲህ ቢል ጥሩ ነው፦ «ይህን ዜማ የመረጥነው የግራ እጅ ጣቶችን ለማጠንከር ነው። ሦስተኛው ስንኝ ሲያልቅ ዝቅ የሚለውን ድምፅና ከእሱ በኋላ ልጆቹ ቀደም ብለው እንዴት እንደሚገቡ ያዳምጡ። ዘንድሮ ብዙ የደከሙት እዚያ ላይ ነው።» ይህን ያነበበ አባት ወይም እናት ያቺን ቦታ ከልጁ ጋር አብሮ ይጠብቃል።

ቀጥለው የሚወጡት ባለክራሮቹ ናቸው፤ የሚጫወቱትም በትዝታ ቅኝት ነው። ወላጆች ትዝታን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁት ማብራሪያ የማያስፈልገው ይመስላል። ሆኖም ለጀማሪ ክራር ተጫዋቾች የሚመረጥበት ምክንያት ብዙ ሰው የሚያስበው አይደለም። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በመካከላቸው የግማሽ ድምፅ ርቀት ስለሌለ አንድ ልጅ ተሳስቶ ሌላ ክር ቢመታ እንኳ ከጓደኞቹ ጋር ክፉኛ አይጋጭም። አሥር ጀማሪዎች አብረው እንዲጫወቱ የሚያስችለው ይህ ነው። ከዚያ ወደ ግማሽ ትዝታ ሲሻገሩ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይደረጋሉ፤ ዜማው ወዲያው ሐዘን ያጠላበታል። ልጆቹ የሁለት ክሮች ለውጥ ስሜትን እንዴት እንደሚለውጥ የሚማሩት በገዛ እጃቸው ነው። ክሮቹን እንደገና ለመቃኘት ግን ጊዜ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ይህን አስቀድሞ ካልተናገረ አዳራሹ ዝግጅቱ የተበላሸ ይመስለዋል፣ ወሬም ይጀመራል። «በሁለቱ ዜማዎች መካከል ልጆቹ ክራራቸውን ይቃኛሉ፤ እባክዎ በጸጥታ ይጠብቁ» የሚል መስመር ይግባበት፤ ጫጫታ ካለ ልጁ የክሩን ድምፅ መለየት አይችልም።

መዝጊያው የአንደኛ ክፍል ልጆች «አበባየሁሽ» ነው። የእንቁጣጣሽ ዜማ በሰኔ ምን አመጣው የሚል ወላጅ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ ትምህርት ሲጀመር መጀመሪያ የተማሩት እሱን ነው። አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ የሚቀበሉት በአጭር ቃል ስለሆነ የስድስት ዓመት ልጅ ሳይቀድምም ሳይዘገይም መግባትን ይለማመድበታል። የሚቸገሩት ጭብጨባው እየፈጠነ ሲሄድ ነው፤ እስከ መጨረሻው በጀመሩበት ፍጥነት ከዘለቁ ትምህርቱ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

መምህራን ሆይ፣ ለእያንዳንዱ ዜማ ከሦስትና ከአራት መስመር አትለፉ፤ አዳራሹ ሲጨልም ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ የለም። ከተቻለም ወረቀቱን ከዝግጅቱ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ በልጆቹ እጅ ወደ ቤት ላኩት።