በዶርዜ የቀርከሃ ቤት ውስጥ የክፍል ድምፅና ዋይልድ ትራክ አቀራረጽ



ዛሬ የምናገረው በሚገባ ሲከናወን ተመልካች ፈጽሞ ስለማያስተውለው ሥራ ነው። በዘጋቢ ፊልም ቀረጻ ላይ ሁሉም ስለ ንግግሩ ሲጨነቅ፣ ድምፅ ቀራጩ ማንም የማይናገርበትን ጊዜም መቅረጽ ይኖርበታል። በሙያው ሩም ቶን የሚባለውን ይህን ቅጂ የክፍል ድምፅ ልበለው። ካሜራ ሳይሠራ ለብቻው የሚቀረጽ ንግግር ወይም ሌላ ድምፅ ደግሞ ዋይልድ ትራክ ይባላል። ሁለቱንም የማስረዳው እኔው ራሴ በተሳሳትሁበት ቀረጻ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ፣ ዶርዜ ላይ፣ አንድ አዛውንት ሸማኔን በቤታቸው ቃለ መጠይቅ አድርገንላቸው ነበር። የዶርዜ ቤት ከተሸመነ ቀርከሃ የተሠራና በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ በመሆኑ እንደ ሲሚንቶ ግድግዳ ድምፅን አያስተጋባም። በአንጻሩ የውጭውን ነፋስና የዶሮ ጩኸት በቀላሉ ያስገባል። በዚያ ላይ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው በየዓመቱ ቁመቱ ያጥራል። ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ ቤት በድምፅ አንድ አይደሉምና፣ ከጎረቤት ቤት የተቀዳ የክፍል ድምፅ እምብዛም አይጠቅምም።

በመሐል ምድጃው ይነድድ ነበር። አርታኢው ከንግግሩ መካከል ሳልን ወይም ድግግሞሽን ቆርጦ ቦታውን ባዶ ቢተወው፣ የእሳቱ ፍጥጫና የነፋሱ ሽውታ በድንገት ይጠፉና እንደገና ይመለሳሉ። ሰሚው ምክንያቱን ባያውቅም መቆረጡን ይሰማል። ክፍተቱ የሚሞላው በክፍሉ በራሱ ድምፅ ነው።

አቀራረጹ ቀላል ይመስላል፤ ማይክራፎኑ ከቦታው ሳይነሣ፣ የመቅረጫው የድምፅ መጠን ሳይለወጥ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ በክፍሉ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሳይወጡ ቢያንስ 60 ሰከንድ መቅረጽ ነው። ሰውም ልብሱም ድምፅን ስለሚውጡ፣ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ክፍሉ ሌላ ክፍል ይሆናል። እኔ ግን ዕቃው ሲሰበሰብ ቆይቼ፣ እሳቱ ወደ ፍም ከተለወጠ በኋላ ቀረጽሁ። በአርትዖት ጊዜ ያ አንድ ደቂቃ በንግግሮቹ መካከል ሲገባ እሳቱ የጠፋ ያህል ሆነ።

ያዳነኝ ከቃለ መጠይቁ ውስጥ፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ካሉት ዝምታዎች የለቀምሁት 11 ሰከንድ ነው። ይህንንም ስደጋግመው አንዲት የእንጨት ፍንጣሪ በየ11 ሰከንዱ ትሰማ ጀመር፤ ጆሮ ተደጋጋሚ ነገርን ወዲያው ይይዛል። ስለዚህ ፍንጣሪዋን ቆርጬ አወጣሁ፤ የቀረውን እኩል ባልሆኑ ቁርጥራጮች ከፋፍዬ ቅደም ተከተሉን አዘበራረቅሁ፤ መጋጠሚያቸውንም አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲጎላ አድርጌ አደራረብሁ። ብዙ ጀማሪዎች የክፍሉን ድምፅ በጠቅላላው ንግግር ሥር ያነጥፉታል። ንግግሩ የክፍሉን ድምፅ አስቀድሞ ይዟልና፣ በእኩል መጠን ሲደረብ የጀርባው ድምፅ 3 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። የሚገባው በክፍተቱና በመጋጠሚያው ብቻ ነው።

ዋይልድ ትራኩ ከዚህ የበለጠ አስተማረኝ። ሸማኔው እየሠሩ ስለ አባታቸው ሲነግሩን፣ ማጉን የሚያጠብቀው ምት የአረፍተ ነገሩን ዋና ቃል ሸፈነው። ሥራቸውን አቁመው በጸጥታ እንዲደግሙልን ለመንናቸው፤ እሳቸውም በትሕትና ደገሙት። ቃሉ ጥርት ብሎ ቢሰማም ከፊልሙ ጋር አልገጠመም፤ ድምፃቸው ለስልሶና ዝቅ ብሎ ነበርና። ሰው በጫጫታ መካከል ሲናገር ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ የድምፁ ቃናም ይለወጣል። ይህን በ1911 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ፈረንሳዊው የጆሮ ሐኪም ኤቲየን ሎምባር ስለሆነ፣ ክስተቱ በስሙ ይጠራል።

በማግስቱ ተመልሰን፣ «አባባ፣ እባክዎ መሥራትዎን ይቀጥሉ፤ ምልክት ስሰጥዎ እጅዎን ብቻ አቁመው ወዲያው ይናገሩ» አልኋቸው። እግራቸው በጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ፣ አካላቸውም ሆነ የማይክራፎኑ ርቀት ሳይለወጥ፣ በሥራው ትንፋሽ አምስት ጊዜ ተናገሩት። ሦስተኛው ገጠመ። የሽመናውንም ድምፅ ለብቻው፣ ያለ ንግግር፣ ሦስት ደቂቃ ቀረጽን፤ በገባው ቃል ሥር ምቱ ከእጃቸው እንቅስቃሴ ጋር እየተገጠመ የተሰማው ከዚያ ቅጂ ነው።

በአርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ደግሞ ፈተናው ኤሌክትሪክ ነው። መብራት በቃለ መጠይቅ መካከል ሲጠፋ የማቀዝቀዣው እምምታ ይቆማል፤ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሣል። የመጀመሪያውን ዝምታ ያን ጊዜ ማንም መልሶ አያገኘውም። ስለዚህ አሁን የክፍሉን ድምፅ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት አንድ ጊዜ፣ ለውጥ በተሰማ ቁጥር ሌላ ጊዜ እቀርጻለሁ፤ በእያንዳንዱም መግቢያ ላይ ቦታውን፣ ሰዓቱንና የነበረውን ድምፅ በራሴ አንደበት እናገራለሁ፤ ከወራት በኋላ አርታኢው ከፋይሉ ስም ብቻ ሊለየው አይችልምና።