ከፊሉ በዶላር፣ ከፊሉ በብር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዛቸው ከፊሉ በአገራቸው ባንክ በዶላር፣ ከፊሉ አዲስ አበባ በብር የሚገባላቸው የውጭ ዜጎች ሒሳባቸውን እንደገና መሥራት ነበረባቸው።

ለምሳሌ አገሩ 2,000 ዶላር፣ እዚህ ደግሞ 80 ሺሕ ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ እንውሰድ። ብሩ 1,400 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ምንዛሪው 100 ሲደርስ 800 ሆነ። ያስደነግጣል፤ ግን ብሩን ወደ ዶላር እየመነዘሩ መቆጨት ብዙም አይጠቅም። የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝም ሆነ የጉልቱ ሽንኩርት በዶላር አይተመንም፤ ዋጋቸው ቢንር እንኳ ምንዛሪውን ተከትሎ በማግስቱ እጥፍ አይሆንም።

ጉዳቱ ያለው ኪራዩ ላይ ነው። ቦሌ አካባቢ ለውጭ ዜጎች ከሚከራዩት ቤቶች ዋጋቸው በዶላር ተነግሮ በዕለቱ ምንዛሪ በብር የሚከፈልባቸው ጥቂት አይደሉም። የዚህ ሠራተኛ ኪራይ 700 ዶላር ቢሆን፣ ቀድሞ 40 ሺሕ ብር ገደማ ከፍሎ ሌላ 40 ሺሕ ይተርፈው ነበር። ምንዛሪው 100 ሲደርስ 70 ሺሕ ይከፍልና ለወሩ ሙሉ 10 ሺሕ ብር ይቀረው ነበር። ኪራዩ በውሉ ላይ በብር ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ቢያንስ ውሉ እስኪታደስ፣ ምንም አይነካውም ነበር።

ስለዚህ በጀት ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወጪው በምን ገንዘብ እንደተቆረጠ ነው፤ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በዶላር የተተመነ ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የአውሮፕላን ትኬት ከዶላሩ ደመወዝ ጋር ይመደባሉ። ገበያው፣ ታክሲውና መብራቱ የብሩ ድርሻ ናቸው። ከውጭ የሚገባው ዘይትና መድኃኒት መሐል ላይ ይወድቃል፤ ዋጋው የሚጨምረው ነጋዴው አዲስ ዕቃ ሲያስገባ ነውና የሚቀጥሉት ወራት ወጪ ከፍ ብሎ ቢያዝ ይሻላል።

የሥራ ውሉም መነበብ አለበት። የአገር ውስጡ ድርሻ “80 ሺሕ ብር” ተብሎ ከተጻፈ የምንዛሪውን ለውጥ የሚሸከመው ሠራተኛው ነው። “የ1,400 ዶላር ተመጣጣኝ በብር” ከተባለ የሚሸከመው አሠሪው ነው፤ ያኔም በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ ካልተጻፈ ክርክር አይቀርም። ወሩ በገባ ቀን በነበረው ዋጋ ተሰልቶ ወሩ ሲያልቅ የሚከፈል ደመወዝ፣ ምንዛሪው በፍጥነት በሚወጣበት ሰሞን ከኪሱ ያጎድላል።

ብር ያጠራቀመው ደግሞ የባሰ ተጎድቷል። 200 ሺሕ ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው ምንዛሪው 100 ሲደርስ ገንዘቡ ከ3,500 ዶላር ወደ 2,000 ወርዶበታል። ወደ አገሩ ልላከው ቢል ባንኩ የሥራ ውልና ግብር የተከፈለበትን ማስረጃ ይጠይቀዋል፤ ወረፋ ሲይዝም ምንዛሪው አይጠብቀውም። በዚህ የተቃጠሉ ሰዎች ብር ሒሳባቸው ውስጥ የሚያቆዩት የሁለት ወር ወጪ ያህል ብቻ ነው፤ አሠሪው ከፈቀደም ውል ሲታደስ የብሩን ድርሻ አሳንሰው የዶላሩን ያሳድጋሉ።