ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ጎን የሚወርድ ውርስ

ድንኳኑ ተነቅሎ ዘመድ ሲበታተን፣ አርባው ገና ሳይወጣ፣ አንድ ጥያቄ በዝግታ ይነሳል፦ ባልም ልጅም ያልነበራት ሴት የተወችው ቤት የማን ነው? አንዱ «እናቷ በሕይወት እያለች ማን ይነካዋል» ይላል። ሌላው «ወንድም እያለ ምን ያከራክራል» ሲል ይመልስለታል። ሟቿን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው የእህቷ ልጅ ግን ጥግ ይዛ ዝም ብላለች። በሕጉ ዓይን ሁለቱ ተናጋሪዎች እያንዳንዳቸው ግማሹን ስተዋል። ዝም ያለችው ደግሞ ድርሻ ሊኖራት ይችላል፤ የሚኖራት ግን ስላስታመመች አይደለም።

ኑዛዜ በሌለበት ጉዳዩ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከአንቀጽ 842 ጀምሮ ያሉት ጥቂት አንቀጾች ወራሾችን በአራት ደረጃ ይከፍላሉ። የመጀመሪያው የሟች ልጆችና ተወላጆች፣ ሁለተኛው ወላጆች፣ ሦስተኛው አያቶች፣ አራተኛው ቅድመ አያቶች ናቸው። በአንዱ ደረጃ ወራሽ እስካለ ድረስ ቀጣዩ ደረጃ አይጠራም። የትዳር ጓደኛ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ የለም። ባል ወይም ሚስት ከጋራ ንብረቱ የራሱን ግማሽ ይወስዳል እንጂ ያለ ኑዛዜ የሟችን ድርሻ አይወርስም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ስለዚህ «ያላገባ» የሚለው ቃል በእኛ ሕግ የሚመስለውን ያህል ክብደት የለውም፤ ነገሩን የሚለውጠው «ያልወለደ» የሚለው ነው።

በአራቱ ደረጃዎች ውስጥ ወንድምና እህት የሚል ስም አለመኖሩን ልብ ይሏል። ወንድም የሚገባው በራሱ ስም ሳይሆን በሞተ ወላጁ እግር ተተክቶ ነው። ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት ውርሱ መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል፤ እኩል ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ግማሽ ለአባት፣ ሌላው ለእናት ይሆናል። ሁለቱም በሕይወት ካሉ ወንድምና እህት አንድ ሳንቲም አይደርሳቸውም። አንዱ ሞቶ ከሆነ ግን የእሱ ግማሽ ለልጆቹ፣ ከልጆቹ የሞተ ካለም ለዚያው ልጅ ልጆች ይወርዳል። ሌላኛው ወላጅ በሕይወት መኖሩ የሟቹን ግማሽ አይጠቀልልለትም።

በቁጥር እንየው። ሟቿ ዕዳዋ ተከፍሎ 2,400,000 ብር የሚያወጣ ንብረት ትታለች እንበል። እናቷ አሉ፤ አባቷ ቀድመው ሞተዋል። አባትየው ከእናቷ ከሟቿ ሌላ ሁለት ልጆች ወልደዋል፦ አንድ ወንድምና ሁለት ሴት ልጆች ትታ የሞተች እህት። ከሌላ ሴት ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። እናትየው 1,200,000 ብር ይወስዳሉ። የአባትየው 1,200,000 ብር በሦስቱ ልጆቻቸው ስም ለሦስት ይከፈላል። ወንድምየው 400,000፣ በአባት ብቻ የሚገናኘው ወንድም 400,000 ያገኛል። የሟች እህት 400,000 ደግሞ ለሁለቱ ሴት ልጆቿ 200,000፣ 200,000 ሆኖ ይደርሳቸዋል። ያ ዝምተኛዋ አስታማሚ ከሁለቱ አንዷ ከሆነች የምታገኘው ይህን ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ የማታውቀዋ እህቷም ልክ ያንኑ ያህል።

አሁን እናትየውም ከልጃቸው በፊት ሞተው ቢሆንስ? የእናትየው ግማሽ ለእሳቸው ልጆች ብቻ ይወርዳል፤ ከሌላ ሴት የተወለደው ወንድም እዚህ ላይ ቦታ የለውም። ወንድምየው ከዚህኛው ወገን 600,000፣ ሁለቱ የእህት ልጆችም አብረው 600,000 ይጨመርላቸዋል። ድምሩ ለወንድምየው 1,000,000፣ ለእህት ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 500,000፣ በአባት ብቻ ለሚገናኘው ወንድም 400,000 ይሆናል። «በአባት ብቻ የሚገናኝ አይወርስም» የሚለውም «ሁሉም እኩል ነው» የሚለውም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እሱ የሚወርሰው በአንድ በር ነው፤ ሌሎቹ በሁለት በር ይገባሉ።

የእህትና የወንድም ልጆች የሚካፈሉት በራስ ቁጥር ሳይሆን በግንድ መሆኑንም ብዙዎች ይዘነጉታል። አንዱ ወንድም አንድ ልጅ፣ ሌላው አምስት ልጆች ትተው ቢሞቱ፣ ብቸኛው ልጅ አምስቱ ተደምረው የሚያገኙትን ያህል ያገኛል። በየቤቱ ትልቁን ቅሬታ የሚያነሳው ይህ ይመስለኛል።

ክርክሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው አንቀጽ 849 ነው። ሟች ተወላጅ ከሌለው፣ ከአባቱ ወገን በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው የማይንቀሳቀስ ንብረት ለእናት ወገን በባለቤትነት አይተላለፍም፤ ከእናት ወገን የመጣውም እንዲሁ ለአባት ወገን አይሄድም። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም፣ ርስት ወደ መጣበት ዘር ይመለስ የሚለው ስሜት ለእኛ አባቶች እንግዳ አልነበረም። በምሳሌያችን ቤቱን ሟቿ ከአባቷ ወርሳው ከሆነ፣ እናትየው የግማሹ ወራሽ ቢሆኑም የዚያ ቤት ባለቤት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሕጉ ያሰበላቸው በቤቱ የመገልገል መብትን ነው። በደሞዟ የገዛችው ቤት ከሆነ ግን ደንቡ አይነካውም። ክፍፍሉ ሳይጀመር የቤቱን ካርታና የቀድሞ የስም ዝውውር ሰነዶች ማገላበጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አጎትና አክስትስ? እነሱ የሚመጡት በሦስተኛው ደረጃ፣ በአያቶች በኩል ነው። ከወንድምና ከእህት ወገን አንዲት የልጅ ልጅ እንኳ ከተረፈች አጎት በር ላይ ይቀራል። ከአባት በኩል በሁለተኛው ደረጃ የሚተካ ከጠፋ ደግሞ የአባት ድርሻ ወደ አጎት አይሻገርም፤ ለእናት ወገን ይጠቀለላል። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው፣ ሕጉ ለውርስ ከቅድመ አያትና ከተወላጆቻቸው አልፎ እንደማይቆጥር ሲያውቅ ይገርመዋል። ከዚያ በኋላ ንብረቱ የመንግሥት ነው።

የገጠር መሬት ይዞታ ለብቻው ይታያል። በቀድሞው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456/1997 አስተሳሰብ ሚዛን ይደፋ የነበረው የደም ደረጃ ብቻ ሳይሆን ከባለይዞታው ጋር አብሮ መኖርና አንድ መተዳደሪያ መጋራትም ነበር፤ ዝርዝሩን የየክልሉ ሕግ ይወስነዋል። አስታማሚዋ ጎጃም ገጠር ብትሆን ኖሮ ጥያቄዋ ምናልባት ሌላ መልስ ባገኘ ነበር።

በተግባር ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት የሚሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ላይ ነው። አንዱ ወንድም ምስክር ይዞ ይቀርብና «ወራሽ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ያወጣል፤ በአባት ብቻ የሚገናኘው ወንድም ወይም ክፍለ ሀገር ያሉት የእህት ልጆች ሳይጠቀሱ ይቀራሉ። ማስረጃው ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ የተዘለለው ወራሽ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል። ንብረቱን የያዘውን ለመክሰስ በአንቀጽ 1000 ያለው ጊዜ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። «ይሉኝታ ነው፣ ሙት ዓመቱ ይለፍ» እያሉ ሦስቱን ዓመት የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው።

ሟቿ አስታማሚዋን ማሰብ ፈልጋ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ወላጅም ወንድምም በኑዛዜ የማይነካ የተጠበቀ ድርሻ የላቸውም። «ቤቱ ያንቺ ነው» ብሎ ማለት ግን አይበቃም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። መነበቡም በራሱ በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው ተናዛዡ ሐሳቡን ስላልገለጸ ሳይሆን «በፊታችን ተነቧል» የምትለዋ አንድ መስመር ስለጠፋች ነው።