የተዘበራረቀ ዝርዝር እንዴት ይስተካከላል?

ለሰርግ ዝግጅት ሦስት ሰዎች ለየብቻ የጻፉት ዝርዝር ከቴሌግራምና ከዎርድ ተቀድቶ አንድ ላይ ሲለጠፍ ይህን ይመስላል፦

```
• የሚከራይ ዕቃ
   - ወንበር
	* 200 ፕላስቲክ
  – ድንኳን
* ምግብ
    o ምሳ፣ ከ6-8 ሰዓት
```

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ምልክቶቹን አንድ ዓይነት ለማድረግ ነው። ያ ግን መጨረሻ ላይ ቢሠራ ይሻላል፤ ምልክት የመስመሩን ደረጃ አይናገርምና። ኮከብ «ምግብ» ፊትም አለ፣ «200 ፕላስቲክ» ፊትም አለ። አንዱ ዋና ርዕስ ነው፣ ሌላው የወንበር ዝርዝር።

ደረጃውን የሚጠቁመው መስመሩ ወደ ውስጥ የገባበት ርቀት ነው። ርቀቱን ለማመን ግን መጀመሪያ ታብን ከስፔስ መለየት ያስፈልጋል። ታብ አንዱ ፕሮግራም ላይ የ4 ስፔስ ያህል፣ ሌላው ላይ የ8 ያህል ሰፍቶ ይታያል። ዎርድ ላይ `Ctrl+Shift+8` ሲጫኑ ስፔሱ ነጥብ፣ ታቡ ቀስት ሆኖ ይወጣል። ታቦቹን ሁሉ በ4 ስፔስ ተኩና ከላይ ወደ ታች አንብቡ። ከበላዩ ካለው ይበልጥ የገባ መስመር የእሱ ልጅ ነው፤ እኩል የገባው ወንድሙ ነው። ወደ ኋላ የተመለሰ መስመር ካጋጠመ፣ ከእሱ ጋር እኩል የገባውን ወደ ላይ ፈልጉ።

«ድንኳን» ላይ ይህ ደንብ ይቆማል። የገባው 2 ስፔስ ነው፤ ከላዩ ያሉት ግን 0፣ 3 እና 4 ናቸው። እዚህ የሚፈርደው ትርጉሙ ብቻ ነው፤ ድንኳንም እንደ ወንበር የሚከራይ ዕቃ ስለሆነ ከወንበር ጋር እኩል ይሰለፋል። እንዲህ ያለውን መስመር የትኛውም ፕሮግራም በእርግጠኝነት አያስተካክለውም፤ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ማየት አለበት።

ደረጃው ከታወቀ በኋላ ለእያንዳንዱ 2 ስፔስ ሰጥቶ ምልክቱን አንድ ማድረግ ቀላል ነው፦

```
- የሚከራይ ዕቃ
  - ወንበር
    - 200 ፕላስቲክ
  - ድንኳን
- ምግብ
  - ምሳ፣ ከ6-8 ሰዓት
```

መጠንቀቅ የሚገባው ምልክት ሲቀየር ነው። ዎርድ ለሁለተኛ ደረጃ የሚያወጣው ባዶ ክብ የላቲን ፊደል `o` ነው፤ ጽሑፉ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ፊደሉ አብሮ ይመጣል። ሰረዙን በጅምላ የሚተካ ሰው «ከ6-8 ሰዓት» የሚለውን ያበላሻል። ስለዚህ የሚነካው መስመር መጀመሪያ ላይ ያለው ምልክት ብቻ ይሁን። ሲጨርሱ መስመሮቹን ቁጠሩ፤ 6 ገብቶ 6 ካልወጣ አንዱ ጠፍቷል ወይም ከሌላው ጋር ተጣብቋል።

ዝርዝሩ ዎርድ ውስጥ የሚቀር ከሆነ ደግሞ በእጅ የተጻፉትን ምልክቶችና ስፔሶች አጥፍታችሁ የፕሮግራሙን የራሱን ዝርዝር ተጠቀሙ፤ `Tab` አንድ ደረጃ ያስገባል፣ `Shift+Tab` አንድ ደረጃ ያወጣል።