ሳንባ ውሃ ሲቋጥር፦ ፈሳሹ የሚናገረውና የሚደብቀው

ፕሉራ የሚባለው ስስ ሽፋን በአንድ በኩል ሳንባን፣ በሌላ በኩል የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የሚለብስ ሲሆን፣ በሁለቱ ገጾች መካከል በጤና ጊዜ የሚገኘው ፈሳሽ፣ ሳንባ ሲነፋና ሲኮማተር ሽፋኖቹ እንዳይፋተጉ የሚያለሰልስ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የሚመነጨው ፈሳሽ ከሚመጠጠው ሲበልጥ በተለምዶ «ሳንባው ውሃ ቋጠረ» የሚባለው ይከሰታል። ይህ ግን ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የሌላ በሽታ ውጤት ስለሆነ፣ ሐኪሙ ፈሳሹን ከማድረቁ በፊት ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በጨንቻ፣ ለሳምንታት የማታ ትኩሳትና ላብ ሲያስቸግረው የቆየ፣ ሲተነፍስ ቀኝ ጎኑን የሚወጋው፣ ዳገት መውጣትም ያቃተው የ24 ዓመት ሸማኔ ለምርመራ ቀረበ እንበል። የጀርባው ቀኝ ታችኛው ክፍል በጣት ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ የደፈነ ነው፤ በማዳመጫ ሲደመጥም የትንፋሹ ድምፅ ጠፍቷል። በራጅ ላይ ፈሳሽ በግልጽ ለመታየት አብዛኛውን ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር ያህል መጠራቀም ሲኖርበት፣ አልትራሳውንድ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰውን ያሳያል፤ ከዚህም በላይ መርፌው የት መግባት እንዳለበት ስለሚጠቁም፣ መሣሪያው ባለበት ሁሉ ያለ እርሱ መውጋት አይመከርም።

ታካሚው ተቀምጦ ወደ ፊት ይደገፍና፣ ቦታው ከጸዳና ከደነዘዘ በኋላ መርፌው በጎድን አጥንት የላይኛው ጠርዝ ታክኮ ይገባል፤ የደም ሥሮቹና ነርቩ የሚያልፉት በታችኛው ጠርዝ ሥር ነውና። ለምርመራ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ትንፋሹን ለማቅለል ተጨማሪ ሲቀዳ ግን በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር ማለፍ አይገባም፤ ምክንያቱም ታፍኖ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲዘረጋ ራሱ ሊያብጥ ይችላል። ታካሚው መሳል ከጀመረ ወይም ደረቱን ጨምድዶ ከያዘው፣ መጠኑ ባይሞላም ወዲያው ማቆም ተገቢ ነው።

የወጣው ፈሳሽ መግል ከሆነ ሌላ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም፤ መግል በቱቦ መውጣት አለበት። የሸማኔው ፈሳሽ ግን እንደ ገለባ ቢጫ ነው፤ ስለዚህ ሪቻርድ ላይት በ1972 እ.ኤ.አ. ወዳቀረቡት መለኪያ ይኬዳል። መለኪያው የፈሳሹን ፕሮቲንና ኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይም በዚያው ቀን ከተወሰደ ደም ጋር ያነጻጽራል። የፈሳሹ ፕሮቲን የደሙን ግማሽ፣ ወይም ኤልዲኤቹ የደሙን 60 በመቶ ካለፈ፣ ፈሳሹ ከታመመ ሽፋን የመነጨ፣ ማለትም ኤግዙዴት ነው፤ መለኪያው በተጨማሪ የፈሳሹ ኤልዲኤች በደም ውስጥ ከሚጠበቀው ከፍተኛ መጠን ሁለት ሦስተኛ ካለፈም እንዲሁ ይላል። አንዱም ካልተሟላ ሽፋኑ ጤነኛ ሆኖ በልብ ድካም ወይም በጉበት በሽታ ምክንያት የዘለቀ ትራንስዱዴት ይባላል። የልብ ድካም ታካሚ የሚያሸና መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ፈሳሹ ስለሚወፍር በስሕተት ኤግዙዴት ሊመስል እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። በምሳሌው የፈሳሹ ፕሮቲን 5.2፣ የደሙ 7.0 ግራም በዴሲ ሊትር ቢሆን ንጽጽሩ 0.74 ይሆናልና ኤግዙዴት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከነጭ የደም ሴሎቹም 85 በመቶዎቹ ሊምፎሳይቶች ሆነው ቢገኙ፣ የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር በዚህ ዕድሜ ቀዳሚው ጥርጣሬ ነቀርሳ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የፈሳሹ ስላይድ ምንም ባክቴሪያ አላሳየም፣ ጂን ኤክስፐርትም አላገኘም ሲባል «ነቀርሳ የለበትም» ተብሎ ይደመደማል። ሆኖም ይህ ፈሳሽ በአብዛኛው የሚመነጨው ሰውነት ሽፋኑ ላይ ለደረሱ ጥቂት ባክቴሪያዎች ከሚሰጠው ብርቱ ምላሽ ነው፤ በዚህም የተነሳ በስላይድ የሚገኘው ከአሥር ታካሚዎች በአንዱ እንኳ አይሆንም፣ ጂን ኤክስፐርትም ብዙዎቹን ያልፋቸዋል። ስለዚህ በራጅ ሳንባው ንጹሕ ቢመስልም አክታ መመርመር አለበት፤ የኤችአይቪ ምርመራም አይቀርም፤ ምርመራው ከተገኘም በፈሳሹ ውስጥ ኤዲኤ የተባለው ኢንዛይም በሊትር ከ40 ዩኒት በላይ መሆኑ ጥርጣሬውን ያጠናክራል። በዕድሜ በገፋ ሰው ወይም ፈሳሹ ደም በቀላቀለ ጊዜ ካንሰር ስለሚታሰብ የሴል ምርመራ ይታከላል፤ መልሱ ካልጠራም ከሽፋኑ ናሙና ለመውሰድ ወደሚቻልበት ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል።

የሸማኔው መረጃ አንድ ላይ ሲመዘን ባክቴሪያው ባይታይም የስድስት ወሩን ሕክምና ለመጀመር ይበቃል፤ ሁለት ወር በአራት መድኃኒቶች፣ አራት ወር በሁለት። ትኩሳቱ በሳምንታት ውስጥ ካልበረደ ግን ለበሽታው የተሰጠው ስም ራሱ እንደገና ይመረመራል። ከሁሉ የሚያሳስበው ውሃው ተቀድቶ ትንፋሹ ሲቀልለት ድኛለሁ ብሎ ወደ ሽመናው የሚመለሰው ታካሚ ነው። የነቀርሳ ፈሳሽ ያለ መድኃኒትም በጥቂት ወራት ሊደርቅ ይችላል፤ ይሁንና በ1955 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ወታደሮች ክትትል እንዳሳየው፣ ሳይታከሙ ከተሻላቸው መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በቀጣዮቹ ዓመታት በነቀርሳ ተመልሰው ታመዋል፤ ስለዚህ ለዚህ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር ፈሳሹ መውጣቱ ሳይሆን መድኃኒቱ ገና መጀመሩ ሊሆን ይገባል።